እርማት፦ ዩሮ የዶላርን ወጪ አይሸፍንም

«ገቢዬም ወጪዬም በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ የምንዛሪ ለውጥ አይነካኝም፤ የምንዛሪውን ተመን አስቀድሞ ለመቁረጥ ከባንክ ጋር ውል መግባትም አያስፈልገኝም።»

ሐሳቡ መነሻው ትክክል ነው፤ ስሕተቱ «የውጭ ምንዛሪ» የሚለውን እንደ አንድ ገንዘብ መቁጠሩ ላይ ነው። ገቢ ወጪን የሚከላከለው ሁለቱም በአንድ ገንዘብ፣ በተቀራረበ መጠንና ጊዜ ሲገናኙ ብቻ ነው።

አንድ የድሬዳዋ ላኪ ምርቱን በ50,000 ዩሮ ሸጦ፣ ለመርከብ ጭነት፣ ለማሸጊያና ለጅቡቲ ወደብ 48,000 ዶላር ይከፍላል እንበል። አንድ ዩሮ 1.12 ዶላር ሲሆን ገቢው 56,000 ዶላር ስለሚሆን 8,000 ይተርፈዋል፤ ዩሮው ወደ 1.04 ቢወርድ ግን ገቢው 52,000 ብቻ ይሆንና ትርፉ፣ ብር ምንም ሳይንቀሳቀስ፣ በግማሽ ይቀንሳል። ሽያጩ በዶላር ቢዋዋል ኖሮ ይህ ጉዳት አይደርስበትም ነበር። የወደብ ሒሳቡ በጅቡቲ ፍራንክ ቢመጣ እንኳ አያሳስብም፤ ፍራንኩ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር የታሰረ በመሆኑ እንደ ዶላር ወጪ ሊቆጠር ይችላል።

ጊዜውም ቸል መባል የለበትም፦ በኅዳር በብር ዶላር ገዝቶ ከፍሎ በጥር ዶላር የሚቀበል ሰው፣ በመካከል ላሉት ሁለት ወራት ለብር ለውጥ የተጋለጠ ነው።

ለማረጋገጥ ለእያንዳንዱ ገንዘብ የተለየ ሠንጠረዥ አዘጋጅተው የየወሩን ገቢና ወጪ ከውሎቹና ከደረሰኞቹ ላይ ይመዝግቡ። የባንክ ውል የሚያስፈልገው ተቀናንሶ ለቀረው ልዩነት ብቻ ሲሆን፣ ከላይ ባለው ምሳሌ ግን ሳይሸፈን የቀረው ዩሮው በሙሉ ነው።