ከማጅራት ገትር በኋላ የመስማት ምርመራ አይቆይም

«ልጄ ከማጅራት ገትር ድኖ ቤት ገብቷል፤ ስንጠራው ግን አይዞርም። እስኪያገግም እንጠብቅ?»

አይጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ያስመርምሩት። ባክቴሪያው በአንጎል ዙሪያ ካለው ፈሳሽ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ተሻግሮ የመስማት ሕዋሳትን ይጎዳል፤ የሞቱት ሕዋሳት ተመልሰው አይተኩም። አስቸኳይ የሚያደርገው ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለው ኮክሊያ የተባለው ክፍል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአጥንት መደፈን ሊጀምር ይችላል። ከተደፈነ በቀዶ ጥገና የሚገባው የመስሚያ መሣሪያ ሽቦ መግቢያ ያጣል። ስለዚህ ምርመራው ከሆስፒታል ከመውጣት በፊት፣ ቢዘገይ በ4 ሳምንት ውስጥ መደረግ አለበት። ሕፃኑ መልስ መስጠት አያስፈልገውም፤ ተኝቶ ሳለ አንጎሉ ለድምፅ የሚሰጠውን ምላሽ መሣሪያ ይመዘግባል። በር ሲንኳኳ መደንገጡ አያዘናጋችሁ፤ ንዝረቱም ያስደነግጠዋል።

ታናናሾች ካሉት የክትባት ካርዳቸውን ይመልከቱ። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠውን ብዙዎች የሳንባ ምች ክትባት ብቻ አድርገው ያዩታል። የሚከላከለው ኒሞኮከስ ግን ከማጅራት ገትር ባክቴሪያዎች ሁሉ ይበልጥ መስማትን የሚነጥቀው ነው። ክትባቱ አገራችን የገባው በ2004 ዓ.ም. ነው። ሁሉንም የባክቴሪያውን ዓይነቶች አይሸፍንም፤ የተከተበ ልጅም ትኩሳትና የአንገት መገተር ካሳየ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ይወሰድ።