የትኛው ሃያ?

"ደወልሽላቸው?" አሉኝ ጋሼ ዛሬ ጠዋት።

ደረጃው ላይ ነበርን። እኔ ባዶ ጀሪካን ይዤ እወርዳለሁ፣ እሳቸው ሙሉውን ይዘው ይወጣሉ። ኮዬ ፈጬ ውኃ የመጣ ቀን ጎረቤት ከጎረቤት የሚገናኘው ደረጃ ላይ ነው። "እንዴት አደርሽ" አላሉም። "ውኃው አለ?" ብዬ ስጠይቃቸውም አልመለሱልኝም። ደወልሽላቸው። ከዓርብ ወዲህ አምስተኛቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቅምት 25 ለሒሳብ ሠራተኝነት ቃለ መጠይቅ ሄጄ ነበር። ስወጣ የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ ፈገግ ብላ "እስከ 20 እናሳውቅሻለን" አለችኝ። እኔም ፈገግ ብዬ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው የመጣልኝ። የትኛው 20?

በፈረንጅ ከሆነ ኖቬምበር 20 ማለት ኅዳር 11 ነው፣ ሐሙስ። በእኛ ከሆነ ኅዳር 20 ቅዳሜ ይውላል። በመሃል ዘጠኝ ቀን አለ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድ ሰው ወይ ተረስቷል፣ ወይ ገና ተራው አልደረሰም። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መሆን የሚቻለው እኛ አገር ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሐሙስ አለፈ። ዓርብ ኅዳር 12 ሚካኤል ነበር። ጠዋት በረንዳ ላይ ስወጣ ሰፈሩ በጭስ ታፍኗል። ኅዳር ሲታጠን ነዋ። በ1911 ዓ.ም. ያ የኅዳር በሽታ ሸገርን ሲያጭድ የተጀመረ ልማድ ነው ይባላል። ያኔ ቆሻሻ እየተቃጠለ አየሩ ይጸዳል ተብሎ ታስቦ ነው። አሁን የሚቃጠለው ፌስታልና የተቀደደ ጫማ ስለሆነ አየሩ እንዴት እንደሚጸዳ አልገባኝም። የእኛ ብሎክ ልጆች ደግሞ የአሮጌ ሶፋ ስፖንጅ ጨመሩበት። የልብስ ማስጫዬ ላይ የነበረው ነጭ ሸሚዝ፣ ያው የቃለ መጠይቁ ሸሚዝ፣ እስካሁን የሶፋ ሽታ አለው። የሶፋውን ባለቤት አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓመትም ምንጣፍ አቃጥሏል። ስለሱ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

እና ጋሼ በጭሱ መሃል ከታችኛው በረንዳ ብቅ አሉና ጉዳዬን ሰሙ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ወንድሜ ይሆናል። "ምን ትጠብቂያለሽ? አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል!" አሉ።

ይህችን ተረት እወዳታለሁ። ግን ሰው ሲተርታት ጤፍ የቆላ አይመስለኝም። ጤፍ እንደ ገብስ ወይም እንደ ሽንብራ አይደለም። ደቃቅ ናት። ምጣዱ ትንሽ ከጋለ ታርራለች፣ ማማሰያው ትንሽ ከፈጠነ ትበተናለች። ስለዚህ ተረቱ "አፍ ያለው ይጩህ" ማለት አይደለም። አፉን የሚያውቅበት ሰው የማይቆላውን ይቆላል ማለት ነው። ይህንን ለጋሼ በረንዳ ለበረንዳ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ሳል አቋረጠኝ። እሳቸውም "እሱን ለእነሱ ንገሪያቸው፣ ደውዪ!" አሉ።

ጋሼን ግን አልፈርድባቸውም። እሳቸው የደጅ ጥናት ዘመን ሰው ናቸው። ዱሮ ሹመትም ሆነ ርስት የፈለገ ሰው ጌታው ደጅ እየሄደ ይቆማል። ዝናብም ቢሆን ይቆማል። ጌታው ሲገቡ እጅ ይነሣል፣ ሲወጡ እጅ ይነሣል። ነገሩን የሚያስፈጽመው መታየቱ ነው። እና ጋሼ "ደውዪ" ሲሉኝ በልባቸው "ሂጂና ቁሚ፣ ይዩሽ" እያሉኝ ነው። ችግሩ ስልክ ሰውን አያሳይም። ደጁን የሚከፍተው ኦፕሬተሯ ናት። ኦፕሬተሯ ደግሞ ጌታ አይደለችም።

ወንድሜ በተቃራኒው "ኢሜይል፣ ኢሜይል" ይላል። እሱ ከሰው ጋር መነጋገር የማይወድ ልጅ ነው። ፒዛ እንኳን ሲያዝ በቴሌግራም ነው። ስለዚህ ምክሩን እንደ ምክር አልቆጠርኩትም።

እኔ ግን ሁለቱም የማያውቁትን ነገር አውቃለሁ። ሁለት ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ፋይል ስይዝ ነበር። የዚያን ጠረጴዛ ጉድ አይቻለሁ።

ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ ፈታኞቹ ነጥብ ይደምራሉ። አንደኛና ተጠባባቂ ይለያል። ከዚያ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ሦስት ፊርማ ይፈልጋል። ሁለቱ በዕለቱ ይፈርማሉ። ሦስተኛው መስክ ወጥቷል። ሁልጊዜ መስክ ወጥቷል። በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ ቃለ ጉባኤ የሚፈርም ሦስተኛ ሰው ከተማ ውስጥ ተገኝቶ አያውቅም።

ፊርማው ሲሟላ ለአንደኛው ይደወላል። እሱ ደግሞ "ትንሽ ላስብ" ይላል። ሥራ ላይ ያለ ሰው ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለአሠሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ስለዚህ ሳይወስን ደብዳቤ አያስገባም። አለቃውም "ደመወዝ ልጨምርልህ፣ አትሂድ" ሊለው ይችላል። አንደኛው እስኪቆርጥ ድረስ ለተጠባባቂው "አላለፍሽም" አይባልም፣ ምክንያቱም ነገ ልንፈልጋት እንችላለን። "አልፈሻል"ም አይባልም። ምንም አይባልም። ያ ዝምታ ንቀት መስሎ የሚታየው ከውጭ ላለ ሰው ነው። ከውስጥ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ሚስቱን እያማከረ ነው።

እና በዚህ መሃል ስልክ ይጮኻል። እኛ ክፍል አራት ሰዎች ነበርን። አራታችንም እንተያያለን። የሚያነሣው አዲሱ ሠራተኛ ነው። "ለሒሳብ ሠራተኛ ተወዳድሬ ነበር፣ ውጤቱ ምን ደረሰ?" ይላል ደዋዩ። አዲሱ ልጅ ምን ያውቃል? ፋይሉ የኃላፊዋ መሳቢያ ውስጥ ነው። ስለዚህ የሰው ኃይል ክፍል ያለውን አንዱን ጸሎት ይደግማል። "ሂደት ላይ ነው።"

ሂደት ላይ ነው! ይህን ቃል የፈጠረውን ሰው ባገኘሁት። ሂደት ማለት መሄድ ነው። አንድ ነገር ስንት ወር ቆሞ እንዴት ሂደት ላይ ነው ይባላል? እኔው ራሴ ለመቶ ሰው ሳልለው አልቀርም፣ ምን ልበል፣ የሚባል ሌላ ነገር የለም። ግን የተባለለት ሰው ስልኩን ዘግቶ ከሚያውቀው በታች አወቀ። እኛም ስሙን አልጻፍነውም። ማን እንደደወለ ማንም አላስታወሰም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሦስት ጊዜ ደውሎ ከሆነ ስሙን እናስታውሳለን፣ ግን በመልካም አይደለም።

ኢሜይል የመጣ ቀን ግን ሌላ ነው። ኃላፊዋ ታነበዋለች። መመለስ ካልቻለች እንኳን "ይታተምና ከፋይሉ ጋር ይያያዝ" ትላለች። ወረቀት ነው። ቃለ ጉባኤው መስክ ሄዶ ሲመለስ ከላዩ ላይ አንድ ገጽ አለ። "ይህቺ ልጅ አሁንም ትፈልጋለች" ይላል ገጹ። ተጠባባቂ ከሆንሽ ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አንደኛው እንቢ ሲል "ያቺ ሥራ አግኝታ ይሆን?" ብሎ የሚጠራጠር የለም።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ኢሜይል ነው። መጀመሪያ ግን ሃያዋን ማወቅ ነበረብኝ። የጠሩኝን ኢሜይል ከፍቼ አየሁ። "ኖቬምበር 4 ጠዋት" ብለው ነው የጠሩኝ። አበቃ። ሃያቸው የፈረንጅ ነው፣ አልፏል።

ዓርብ ግን አልጻፍኩም። የመንግሥት ቢሮ ዓርብ 5:30 ወጥቶ 7:30 ይመለሳል፣ የግሉም ቢሆን ዓርብ ከሰዓት ልቡ ቅዳሜ ላይ ነው። የዓርብ ኢሜይል ሰኞ ጠዋት ከሠላሳ ኢሜይል ሥር ይገኛል። አንድ የሥራ ቀን ደግሞ ለሰው ልጅ ይሰጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ዛሬ ሰኞ ነው፣ ኅዳር 15። ጀሪካኑን ካወጣሁ በኋላ ተቀመጥኩ። አዲስ ኢሜይል አልከፈትኩም። በጠሩኝ ኢሜይል ላይ መልስ ሰጠሁ፣ የሥራ መደቡም ቀኑም ከሥሩ አለ፣ ማን ናት ብለው አይፈልጉኝም። እንዲህ ነው ያልኩት፦

"ጤና ይስጥልኝ። ጥቅምት 25 (ኖቬምበር 4) ለሒሳብ ሠራተኛ ቃለ መጠይቅ የቀረብኩ ነኝ። እስከ ኖቬምበር 20 ውጤት እንደሚገለጽ ተነግሮኝ ነበር። ውሳኔው መቼ እንደሚታወቅ ቢገልጹልኝ አመሰግናለሁ። ለሥራው ያለኝ ፍላጎት እንደነበረ ነው።" ስሜና ስልኬ።

"ውጤቴ ምን ሆነ" አላልኩም። እሱን መመለስ የሚችለው ሦስተኛው ፈራሚ ነው። "መቼ" ለሚለው ግን ከፈራሚው በታች ያለ ሰውም መልስ አያጣም። የቤቴን ችግርም አልጻፍኩም። ክፍል ውስጥ ሆኜ እንደዚህ ዓይነት አንብቤያለሁ፤ እናዝናለን፣ ግን ነጥብ ላይ አይደመርም።

ስልክን ጨርሼ አልተውኩትም። እስከ ቀጣዩ ሰኞ፣ ኅዳር 22፣ ዝም ካሉ እደውላለሁ። ያኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። "ኅዳር 15 ኢሜይል ልኬ ነበር፣ ደርሷችኋል?" ነው የምለው። ለዚህ "ሂደት ላይ ነው" አይሆንም መልሱ። አዲሱም ልጅ ቢሆን ከፍቶ ማየት አለበት። ሌላ መሥሪያ ቤት "እስከ ነገ ወስኚ" ቢለኝ ደግሞ ሰኞንም አልጠብቅም፣ ያኔ ዛሬውኑ ስልክ ነው። ድሮውኑ በስልክ ብቻ የጠሩት ሰውም፣ ኢሜይላቸውን ሳያውቅ፣ ከየት አምጥቶ ይጽፋል?

ይህን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ "ላክ" የሚለውን ተጫንኩ። መብራት ሄደ። ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። ዳታ ከፈትኩ፣ ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም። ኢሜይሉ አውትቦክስ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይዞራል። በረንዳ ወጣሁ። ሸሚዙ አሁንም ሶፋ ሶፋ ይላል። ስልኬን ከፍ አድርጌ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ አቅጣጫ ዘርግቼ ቆምኩ። አንድ መስመር መጣ። ሁለት።

ከታች ጋሼ ቀና አሉ። "ጎሽ የኔ ልጅ! ደወልሽላቸው?"