የእናት ስም ወይስ የሰፈር ስም? ለከዚራ ገስት ሀውስ የወጣ ክርክር

ጠያቂዋ፦ ድሬዳዋ ከዚራ ያለውን የእናታችንን ቤት ስድስት ክፍል አድርገን ገስት ሀውስ ልንከፍት ነው። እናታችን አርፋለች። ሰፈርተኛው ቤቱን እስካሁን "እማማ ጽጌ ቤት" ነው የሚለው። መንገደኛም፣ ከውጭ ለጥየቃ የሚመጣ ዘመድም እንዲያርፍበት እንፈልጋለን። የእሷን ስም እንስጠው ወይስ ሌላ? ሰሌዳው ሳይጻፍ ንገሩን።

የከዚራ ልጅ፦ እኔ አስጎብኚ ነኝ። እንግዳ ከኤርፖርት ተቀብዬ ክፍል የማፈላልገውም እኔው ነኝ። የእናትሽን ስም ሰሌዳው ላይ አታድርጊው እላለሁ። መንገደኛ ስሙን አንዴ በስልክ ይሰማና በላቲን ፊደል ጽፎ ካርታ ላይ ይፈልገዋል። "ጽጌ"ን አንዱ Tsige ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው Tsege፣ ሌላው Tsigie፣ ውጭ ያደገው የእህትሽ ልጅ ደግሞ Sige። ካርታው አንዳንዴ ያቃናለታል፣ አንዳንዴ ግን ሌላ ከተማ ያለ ቤት ያወጣለታል፤ ያኔ ሰውየው በዚህ ሙቀት ሻንጣ ይዞ አይዞርም፣ ፊት ለፊቱ ያየው ሆቴል ይገባል። "ከዚራ ገስት ሀውስ" በይው፣ በቃ።

የሳቢያኗ እናት፦ አቦ፣ ከዚራንስ ሰው አንድ ዓይነት አድርጎ ይጽፈዋል? Kezira የሚል አለ፣ Kazira የሚል አለ፣ Gezira የሚልም አለ። አጻጻፍ ከሆነ ችግሩ የአንተም ስም አላመለጠም። ደግሞ ዘመድ በካርታ አይመጣም፣ ደውሎ ነው የሚመጣ። የዘመድን ነገር ላስረዳህ። ከካናዳ የመጣ ሰው አክስቱ ቤት ካላረፈ አክስቱ ትቀየመዋለች። "ቤት እያለ ሆቴል?" ትለዋለች። እሱ ደግሞ ሚስትና ልጆች ይዟል፣ ሽንት ቤት መጋራቱ ይከብደዋል፣ ግን አፍ አውጥቶ አይናገርም። "እማማ ጽጌ ጋ ነን" ማለት ሲችል ነገሩ ይቀላል። የሰው ቤት ያረፈ እንጂ ሆቴል የገባ አይመስልም። የሰፈር ስም ይህን አያደርግለትም።

የከዚራ ልጅ፦ እትዬ፣ ያሉት እውነት ነው፤ እንግዶቼ ላይም አይቼዋለሁ። ግን ያ ዘመድ ሲወጣ ይከፍላል? "እማማ ጽጌ ቤት" ብሎ የገባ ሰው ለእማማ ጽጌ ልጅ ብር መቁጠር ያፍራል፣ ልጅቷም መጠየቅ ታፍራለች። ስሙ ራሱ "እንግዳዬ ነህ" እያለው ሂሳብ ማቅረብ ከባድ ነው።

የሳቢያኗ እናት፦ እኔ ሳቢያን ውስጥ በአባቴ ስም ክፍሎች አከራያለሁ፣ ስለዚህ የምናገረው የምኖረውን ነው። የአባቴ ዘመድ መጥቶ በነጻ መሰንበት የፈለገ ነበር። ዋጋውን በትልቁ ጽፌ መግቢያው ላይ ለጠፍኩት፣ ለዘመድም ለባዳም አንድ ነው። ስልክ ሲደውሉም ገና "እንኳን ደህና መጣችሁ" ከማለቴ ዋጋውን እነግራለሁ። የተቀየመ አለ፣ ሄዷል። የቀሩት ግን በየዓመቱ ይመጣሉ፣ ሌላም ይዘው ይመጣሉ። ቁም ነገሩ ዋጋውን ቀድሞ መናገር ነው፣ ስሙ ምን አደረገ?

የከዚራ ልጅ፦ እርስዎ ደፋር ነዎት፣ ሁሉም ሰው እንደዚያ መናገር አይችልም። እሷ እናቷን ገና በቅርብ ቀብራ ይሆናል።

ጠያቂዋ፦ ወንድሜ ደግሞ "ለገሃር" ወይም "ባቡር" እንበለው ይላል። የድሮው ጣቢያ በእግር ቅርብ ነው። ሌላው "ደቻቱ" ብሏል።

የከዚራ ልጅ፦ "ለገሃር"ን ተዪው። ካርታ ላይ ስትጽፊው መጀመሪያ የሚመጣው የአዲስ አበባው ነው። "ባቡር" ደግሞ ቅሬታ ያመጣብሻል። ከተማዋ ያደገችው በ1902 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባቡር ስለገባላት ነው፣ አሁን ግን መንገደኛ የሚያጓጉዘው አዲሱ መስመር ጣቢያው ከከተማው ውጭ ነው። ሰው "ባቡር ገስት ሀውስ"ን አይቶ "ጣቢያው አጠገብ ነኝ፣ ጠዋት በእግሬ እሄዳለሁ" ብሎ ያስባል። ጠዋት ላይ ባጃጅ መፈለግ ሲጀምር ነው እውነቱን የሚያውቀው። ከዚያ በአስተያየት መስጫው ላይ "ዋሹኝ" ብሎ ይጽፋል፣ የእሱን ጽሑፍ ደግሞ ከእሱ በኋላ የሚመጣ ሁሉ ያነበዋል።

የሳቢያኗ እናት፦ ደቻቱን ጨርሶ አታንሱት። በ1998 ክረምት ሌሊት ወንዙ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ከውጭ የሚመጣው ዘመድ ስንቱ የቀበረበት ጎርፍ ነው። ለማያውቅ መንገደኛ ያማረ ስም ሊመስል ይችላል፣ የእኛ ሰው ግን በዚያ ስም ተኝቶ ማደር አይፈልግም።

የከዚራ ልጅ፦ በዚህስ ተስማማን። "ፔንሲዮን" የሚለውንም አትጨምሪ። ብዙ ሰው ፔንሲዮን ሲባል በሰዓት የሚከራይ ክፍል ይመጣበታል፤ አያቱን ይዞ ለቁልቢ የሚመጣ ቤተሰብ ገና ሰሌዳውን አይቶ ያልፋል። "ገስት ሀውስ" ይሻላል።

የሳቢያኗ እናት፦ ለቁልቢማ ምንም ስም ይኑረው ይሞላል። ታህሳስ 19 ሲደርስ ድሬ ውስጥ ክፍል የሚገኘው በልመና ነው፤ የሐምሌ 19ም እንደዚያው። ስም የሚሠራው በሌላው ጊዜ ነው፣ ሰርግና ተዝካር ላይ። በዚያን ጊዜ የሚመጣው ደግሞ ዘመድ ነው። ለዚህ ነው የእናቷ ስም የምለው።

የከዚራ ልጅ፦ እሺ፣ መሃል ላይ ልምጣ። "ጽጌ ከዚራ ገስት ሀውስ" ይሁን፣ "እማማ" የሚለው ይቅር። ዘመድ "ጽጌ ጋ" ይላል፣ መንገደኛ ደግሞ ከዚራ መሆኑን ያውቃል። ግን ሰሌዳ ሠሪው ጋ ከመሄድሽ በፊት ሞክሪው። ውጭ ላሉት ለአምስት ስድስት ሰዎች ደውዪና ስሙን አንዴ ብቻ ተናገሪ፣ ከዚያ በላቲን ጽፈው ይላኩልሽ። ብዙዎቹ የጻፉትን ምረጪና በሰሌዳው፣ በካርታው፣ በደረሰኙ አንድ አይነት አድርጊው። አንድ ባጃጅ ሹፌርንም አስቁመሽ "ጽጌ ከዚራ ውሰደኝ" በይው፣ የት እንደሚወስድሽ እዪ። ንግድ ቢሮም ስሙ ያልተያዘ መሆኑን ቀድመሽ አረጋግጪ፤ ከተመዘገበ ሌላ ስም ጋር የሚምታታ ከሆነ አይመዘግቡልሽም፣ ያኔ የሰሌዳው ብር ይቃጠላል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ቅድሚያ ክፍያ በስልክ የሚልክ እንግዳ የሂሳቡን ባለቤት ስም ያያል። ሰሌዳው "ጽጌ ከዚራ" እያለ ሂሳቡ የወንድምሽን ስም ካሳየው "ተጭበረበርኩ" ብሎ ይተወዋል። ዘመድ ወንድምሽን ያውቃል፣ መንገደኛ አያውቅም። ሂሳቡን በንግዱ ስም ክፈቺ።

የሳቢያኗ እናት፦ "እማማ" ይቅር ማለትህ አልተዋጠልኝም። ጽጌ የምትባል ስንት ሴት አለች? እማማ ጽጌ የምትባለው ግን በዚያ ሰፈር አንዷ ናት፣ ሹፌሩም የሚያውቀው እሷን ነው። ሂሳቡን ስላልከው ግን ልክ ነህ። ልጄ፣ እኔ ሌላ ነገር ነው የሚያሳስበኝ። ቤቱ የውርስ ነው ወይ? ወንድሞችሽና እህቶችሽ ተካፍለዋል? ካልተካፈላችሁ የእናታችሁን ስም ያየ ሁሉ የራሱ ቤት ይመስለዋል። ነገ አንዳችሁ ለመሸጥ ቢፈልግ ገዢው ስሙንም ይጠይቃል፣ እናንተ ደግሞ ስሟን አትሸጡም።

ጠያቂዋ፦ አራት ነን፣ ሁለቱ ውጭ ናቸው፣ ገና አልተካፈልንም። የተስማማነው በስልክ ነው።

የከዚራ ልጅ፦ በስልክ ብቻ ከሆነ ለጊዜው "ከዚራ" ብለሽ ጀምሪ። የእናትሽን ስም በኋላ መጨመር ይቻላል፣ ከካርታ ላይ ማውጣት ግን ጣጣ አለው።

የሳቢያኗ እናት፦ አልስማማም። በአንድ ስም የለመደ ዘመድ በሌላ አይፈልግሽም። ይልቅ ሁለቱ ለሰርግ ወይም ለቁልቢ ሲመጡ አራታችሁም አንድ ላይ ተቀመጡና በወረቀት ፈርሙ፣ ሰሌዳው እስከዚያ ይቆይ። ክፍሎቹን ግን አሁኑኑ አከራዪ፣ ሰፈሩ እንደሆነ ስሙን ያውቀዋል።