የደመወዝ ጭማሪ ኢሜይል ሁለተኛ አንባቢ አለው

በአብዛኛው መሥሪያ ቤት የቅርብ አለቃ ብቻውን ደመወዝ አይጨምርም። ጥያቄው ተገቢ ሆኖ ካገኘው ለበላዩ፣ ለፋይናንስ ወይም ለሰው ሀብት ክፍል ያስተላልፈዋል። እዚያ የሚያነበው ሰው ጠያቂውን በመልክ እንኳ ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ ኢሜይሉ አለቃው አጠገቡ ቆሞ ሳያብራራለት ራሱን ችሎ ማስረዳት አለበት። «ምን ያህል እንደምለፋ ያውቃሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር እዚያ ሲደርስ ባዶ ነው፤ አንባቢው አያውቅምና።

የአንድን የሒሳብ ሠራተኛ ጉዳይ እንውሰድ። ርዕሱ «የደመወዝ ማስተካከያ ጥያቄ» ይሁን፤ ከዚያ በላይ ማሳመር አያስፈልገውም። ጽሑፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ደመወዜ እንዲስተካከል ለመጠየቅ ነው የምጽፍልዎ። ባለፈው ዓመት የወር ሒሳብ መዝጊያ 9 የሥራ ቀን ይፈጅ ነበር። የባንክ ማስታረቁን ወሩ እስኪያልቅ ሳልጠብቅ በየሳምንቱ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ፣ ላለፉት 6 ወራት በ5 ቀን ተዘግቷል። ሪፖርቶቹ የገቡባቸውን ቀናት በአባሪው ሠንጠረዥ አስቀምጫለሁ። እንዲሁም ላለፉት 8 ወራት የ60 ሠራተኞችን ፔሮል እያዘጋጀሁ ነው፤ ይህ በመደቤ የሥራ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ጥቅል ደመወዜ በ15 በመቶ እንዲያድግ እጠይቃለሁ። የሚቀጥለው ዓመት በጀት ከመጽደቁ በፊት 20 ደቂቃ ብንነጋገርበት ደስ ይለኛል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ይመችዎታል?»

ሁለት ማስረጃ ብቻ ነው ያለው፤ ይበቃል። ሰባት ስምንት ከተደረደረ አንባቢው ደካማውን መርጦ በእሱ ላይ ይከራከራል። የመጀመሪያው ማስረጃ የሚጸናው ለውጡ በምን እንደመጣ ስለሚናገር ነው። «ከ9 ወደ 5 ቀን ወረደ» ብቻ ቢባል፣ ፋይናንስ ውስጥ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የሒሳብ እንቅስቃሴው ቀንሶ እንደሆነ ነው። 6 ወር መባሉም የአንድ ወር አጋጣሚ አለመሆኑን ያሳያል። ለውጡ የቡድን ሥራ ከሆነ ግን የራስን ድርሻ ብቻ ለይቶ መጻፍ ይገባል፤ የሌላውን ድካም ለራሱ ያደረገ ሰው አንድ ጥያቄ ሲቀርብለት ይጋለጣል፣ እውነተኛው ማስረጃውም አብሮ ይጠረጠራል።

ቁጥሩ አንድ ይሁን። «ከ10 እስከ 15 በመቶ» ብሎ የጻፈ 10 ይበቃኛል ብሎ እንደጻፈ ይቆጠራል። ጥቅል ይሁን የተጣራ መግለጽም ግድ ነው፤ የገቢ ግብር በደረጃ እያደገ በሚሄድበት ቦታ 15 በመቶ የጥቅል ጭማሪ እጅ ላይ ሲደርስ ከ15 በመቶ ያንሳል። ቁጥሩን ለመወሰን ተመሳሳይ መደብና የሥራ ልምድ የሚጠይቁ፣ ደመወዝ የተጻፈባቸው ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎችን ማየት ይጠቅማል። የባልደረባን ደመወዝ ማንሳት ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ውይይቱ ከጠያቂው ሥራ ወጥቶ ያ ሰው ለምን ያን ያህል ተከፈለው ወደሚል ክርክር ይገባል፣ ምስጢሩን የነገረውም ሰው ይጎዳል።

ጊዜን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚጠብቀው የዓመቱን የሥራ አፈጻጸም ግምገማ ነው። በእኛ እምነት ያኔ ብዙ ጊዜ ረፍዷል፤ የጭማሪው ገንዘብ ቀድሞ ተመድቦ አለቃው የሚያከፋፍለው የተወሰነ መጠን ብቻ ይሆናል። የበጀት ዓመቱ ከማለቁ 3 ወይም 4 ወር በፊት መጻፍ የተሻለ ነው። በጀቱ መቼ እንደሚዘጋጅ ፋይናንስን መጠየቅ ይቻላል። ወር ሲዘጋ፣ ኦዲት ሲኖር ወይም ቅነሳ በተነገረ ሰሞን መላክ ግን ጥሩ ማስረጃን ያባክናል።

«ሌላ ቦታ ጠርተውኛል» ማለት ጥያቄውን ይቀይረዋል። አለቃው ስለ ሥራው ዋጋ ማሰቡን ትቶ ይህ ሰው ይቆያል ወይስ ይሄዳል ብሎ ማስላት ይጀምራል፤ ጭማሪው ቢፈቀድ እንኳ ቀጣዩ ኃላፊነት ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። የቤት ኪራይና የልጆች ወጪም እውነተኛ ጭንቀት ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛው አንባቢ በእሱ ላይ ተመሥርቶ ቢፈቅድ ለሌላው ሁሉ መፍቀድ ስላለበት አይጠቀምበትም። በንዴት የተጻፈ ረቂቅ ካለ አድሮ ይነበብ፤ «ሁልጊዜ»፣ «በጭራሽ»፣ «ፍትሕ» የሚሉት ቃላት ወጥተው በምትካቸው ቀንና ቁጥር ይግባ።

10 የሥራ ቀን ያለ መልስ ካለፈ፣ በዚያው ኢሜይል ላይ አንድ መስመር ይጻፍ፦ «ስለ ደመወዝ ማስተካከያው ለመነጋገር የሚመችዎትን ቀን ቢያሳውቁኝ።» መልሱ «አሁን በጀት የለም» ከሆነ ደግሞ ጥያቄው የሚታይበትን ወርና እስከዚያ የሚጠበቀውን ውጤት ጠይቆ፣ የተባለውን በዚያው ቀን ጽፎ ለአለቃው መላክ ያስፈልጋል። አለቃው ቢቀየር አዲሱ የሚያገኘው ያ ጽሑፍ ብቻ ነው።