ጥሬውን ፋይል ስጡን!

ካሴት ወደ ፋይል የምትገለብጡ ሰዎች፣ ዛሬ ብሶቴን ስሙኝ። ጥሬውን ስጡን! ሳንጠይቃችሁ አታጽዱልን!

የእናትና አባቴን የሠርግ ካሴቶች ለአንድ ቤት ሰጠሁ። ሁለት ቪኤችኤስ ናቸው። "ኤችዲ አድርገን፣ አጽድተን" ብለው 1920 በ 1080 የሆነ ፋይል ሰጡኝ። ከፈትኩት። አያቴ እያጨበጨበች ትጨፍራለች፤ አራት እጅ አላት። ፊቷ ላይ አንድ መስመር አይታይም። የእናቴ ቬሎ ደግሞ እጥፋቱ ሁሉ ጠፍቶ ነጭ ብቻ ሆኗል።

በጣም ያናደደኝ የእጁ ነገር ነው። በፓል የቴሌቪዥን ሥርዓት የተቀዳ ካሴት በሰከንድ 25 ሙሉ ምስል አይደለም የያዘው፤ 50 ግማሽ ምስል ነው። ፊልድ ይባላሉ። አንዱ ፊልድ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያለ ያሉትን መስመሮች ይይዛል። ቀጣዩ በመሃል የቀሩትን ይይዛል፣ ያውም ከሃምሳኛ ሰከንድ በኋላ። በዚያች ቅጽበት እጅ ቦታውን ቀይሯል። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱ ሲደረቡ የሚንቀሳቀሰው ነገር ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። ያ ብልሽት አይደለም! ሁለቱም ቅጽበቶች ሳይነኩ መኖራቸውን የሚያሳይ ምልክት ነው።

እነሱ ግን ጥርሱን ለማጥፋት ሁለቱን ፊልድ ቀላቅለው አንድ ምስል አደረጉት። አራቱ እጅ ከዚያ የመጣ ነው። አንዴ ከተቀላቀለ በኋላ ደግሞ በንጽህና መልሶ መለየት አይቻልም።

የእናንተንም ፈትሹት። ፈጣን እንቅስቃሴ ያለበት ቦታ ላይ አቁሙና ፍሬም በፍሬም ሂዱ። ጥርሱ ቀጭንና ጥርት ያለ፣ የአንድ መስመር ውፍረት ያለው ከሆነ እሰየው፣ ፋይሉ ጤነኛ ነው። ጥላ ያለው ድርብ ምስል ካያችሁ ተቀላቅሏል። ጥርሱ ወፍሮ ሞገድ ከመሰለ ግን ፊልዶቹ ሳይለያዩ ምስሉ ተለጥጧል። ይሄኛው ከሁሉም የባሰ ነው።

አንደኛውን ካሴት ሌላ ሰው ጋ ወስጄ እንደገና አስገለበጥኩ። ጥሬውን፣ 720 በ 576፣ ጥርሱ ሳይነካ። በዚህ አያያዝ የአንድ ሰዓት ካሴት 30 ጊጋባይት ገደማ ይፈጃል፤ ይፍጅ! ከዚያ እቤቴ ffmpeg በሚባለው ፕሮግራም ይቺን ትዕዛዝ ብቻ ነው የሰጠሁት፦

```
ffmpeg -i serg.mkv -vf "bwdif=send_field:tff,hqdn3d=1:4:2:8" -c:v ffv1 -c:a copy serg50.mkv
```

`send_field` ከእያንዳንዱ ፊልድ አንድ ሙሉ ምስል ይሠራል፤ በሰከንድ 50 ይወጣል። እንቅስቃሴው ካሴቱ በቴሌቪዥን ሲታይ እንደነበረው ይለሰልሳል። `tff` የትኛው ፊልድ እንደሚቀድም ነው የሚነግረው። ተሳስቶ ከሆነ ሰው ሲራመድ ወደፊት ወደኋላ ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ `bff` ማድረግ ነው። ከሚኒ ዲቪ ካሴት የመጣ ፋይል በአብዛኛው `bff` ነው።

ኖይዝ፣ ማለትም ምስሉ ላይ የሚርመሰመሰውን ነጠብጣብ፣ ማጥፋቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ቪኤችኤስ የሚይዘው የቀለም ዝርዝር ከብርሃኑ ዝርዝር በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ የቀለሙን ኖይዝ ጠንከር አድርጎ ማጽዳት ብዙም አይጎዳም። ብርሃኑ ላይ ግን ቀስ ነው። ከላይ `hqdn3d` ላይ ካሉት አራት ቁጥሮች 1 እና 2 ለብርሃን፣ 4 እና 8 ለቀለም የሆኑት ለዚህ ነው። በዝቶ እንደሆነ ማወቂያው ቀላል ነው፦ የጸዳውን፣ ፊልዱ ተለይቶ ኖይዙ ገና ካልጸዳው ቀንሱና የተወገደውን ብቻ እዩት። እዚያ ውስጥ የፊት ቅርጽ ከታየ ኖይዝ ሳይሆን ሰውየውን እያጠፋችሁ ነው። የአያቴ ፊት የሄደው እንደዚያ ነው።

ቀለሙንስ? የመጀመሪያዎቹ ሰዎች "ደብዝዟል" ብለው ድምቀቱን ወደ ላይ ለቀቁት። ቀዩ ከልብሱ ወጥቶ ፈሰሰ። የእኛ ካሴት ችግር ግን መደብዘዝ ብቻ አልነበረም። ካሜራው የአምፖሉን ብርሃን ስላላስተካከለ ሁሉም ነገር ቢጫ ነበር። ጥሬው ላይ መጀመሪያ ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ አደረግኩ፤ የቬሎው እጥፋት ተመልሶ መጣ፣ ከመጀመሪያውም አልጠፋም ነበር! ቀጥሎ ቬሎው ነጭ እስኪሆን ቢጫውን ቀነስኩ። ድምቀቱን የነካሁት በመጨረሻ ነው፣ ያውም በጥቂቱ። ክፍል በተቀየረ ቁጥር መብራቱም ስለሚለያይ ለእያንዳንዱ ትዕይንት ለብቻ ነው የሚሠራው።

ሁለተኛው ካሴትስ? "ከተገለበጠ በኋላ ምን ያደርጋል" ብለው ጥለውታል። ሳይጠይቁኝ! ጥሬውን ፋይል ስላቸው "ቦታ ስለሚይዝ አጥፍተነዋል" አሉኝ። የቀረኝ ያ ሁለቱ ፊልድ የተቀላቀለበት ፋይል ብቻ ነው። የትኛው መስመር ከየትኛው ፊልድ እንደመጣ ከእንግዲህ አይለይም። እኔ ስለ 30 ጊጋባይት ቅሬታ አቅርቤ ነበር? ሃርድ ዲስክ ይዤ እመጣ አልነበር?