እርማት፦ ስለ ሚስተር ቢን ክፍሎች ብዛት

«ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቡና ስንጠጣ ተከራከርን። ሚስተር ቢን ለዓመታት በየሳምንቱ ይተላለፍ ስለነበር ከመቶ በላይ ክፍል አለው አልኩ፤ ጓደኛዬ 14 ብቻ ነው አለኝ። ማን ልክ ነው?»

ጓደኛዎ ለእውነቱ ቀርበዋል። ሮዋን አትኪንሰን ራሱ የተወነበት ዝግጅት በብሪታንያው አይቲቪ ከጥር 1 ቀን 1990 እስከ ጥቅምት 31 ቀን 1995 (እ.ኤ.አ.) ድረስ፣ አልፎ አልፎ እየወጣ፣ በ14 ክፍሎች ብቻ ተላልፏል። ብዛቱን የሚያሳብጠው እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው የካርቱን ዝግጅት ነው፤ ስለዚህ የክፍሎችን ዝርዝር ሲያዩ ሁለቱ እንዳይደባለቁ ይጠንቀቁ።

አንዳንድ ዝርዝሮች ግን 15 ይላሉ፤ እነሱም አልተሳሳቱም። በፀጉር አስተካካዩ ቤት የሚጀምረው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1995 በአይቲቪ ሳይተላለፍ በቪዲዮ ካሴት ስለወጣ፣ የተሠሩትን የሚቆጥር 15፣ በጊዜው አይቲቪ ያሠራጫቸውን የሚቆጥር 14 ያገኛል። በመዝጊያው የስም ዝርዝር ሥር የሚታየውን ዓመት የሥርጭት ዓመት አድርጎ መውሰድም (እኔም ተሳስቼበታለሁ) አያስተማምንም፤ ያ የባለቤትነት መብት ዓመት ነው። የመጀመሪያው ክፍል የታየው በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት ስለሆነ፣ ቀረጻው ከዚያ በፊት እንደተጠናቀቀ ግልጽ ነው። የሥርጭቱን ቀን ከጣቢያው የዚያን ሳምንት የፕሮግራም መርሐ ግብር ይውሰዱ።