የተመዘነው ወንበሩ ነው

«ማስተርስ ያለው ሰው እንዴት ከስቶር ኪፐር በታች ይመደባል? የኮሚቴው ውጤት ተሰርዟል።»

ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ የመሥሪያ ቤታችን የበላይ ኃላፊ የተናገሩት ነው። የሦስት ወር ልፋታችን ገደል ገባ። እኔም የሥራ መደቦችን መዝኖ ደረጃ ካወጣው ኮሚቴ አንዱ ነበርኩና ዝም ማለት አቃተኝ።

ለመሆኑ ስለ ሰው ማን ጠየቀ? የሥራ ምዘና የሚመዝነው ወንበሩን እንጂ የተቀመጠበትን ሰው አይደለም። ቅጹን ስንሞላ የሠራተኞቹን ስም የሸፈንነውም ለዚህ ነው።

ከ1,000 ነጥብ ለኃላፊነት 400፣ ለዕውቀትና ክህሎት 300፣ ለጥረት 200፣ ለሥራ አካባቢ 100 ሰጠን። እያንዳንዱ መስፈርት አምስት እርከን አለው። ባለማስተርሱ የሰው ሀብት ባለሙያ የያዘው ሥራ ዲግሪ ስለሚጠይቅ በዕውቀት አራተኛ እርከን ላይ 240 አገኘ። የስቶር ኪፐሯ ሥራ ሦስተኛ፣ 180። እዚህ ላይ ዲግሪው አሸንፏል፤ ማንም አልነፈገውም።

ኃላፊነት ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። እሷ የሚሊዮን ብር መለዋወጫ በስሟ ፈርማ ትረከባለች። ቆጠራ ላይ ቢጎድል የምትጠየቀው እሷ ናት። አራተኛ እርከን፣ 320። እሱ ያዘጋጀውን ደብዳቤ ግን አለቃው አይቶ ነው የሚፈርምበት፤ ስህተቱ ሳይወጣ ይያዛል። ሦስተኛ፣ 240። በጥረት እኩል 120 አገኙ። አቧራውና ሸክሙ ለእሷ 80፣ ምቹው ቢሮ ለእሱ 20። ሲደመር 700 ለ620።

ማስተርሱስ የት ገባ? ሥራው ስላልጠየቀው የትም። ነገ ፒኤችዲ ቢጨምርበት ያው ደብዳቤ ከብዶ ይወጣል እንዴ?

ለሰውየው ብቃት ቦታ የለውም አላልንም። ቦታው በደረጃው መነሻና ጣሪያ ደመወዝ መካከል ነው። የእሱ ደረጃ ከ12,000 እስከ 18,000 ብር፣ የእሷ ከ14,400 እስከ 21,600 ነው። እንዲደራረቡ ያደረግነው ሆን ብለን ነው። ጎበዝና ልምድ ያለው ባለሙያ 17,000 ላይ ሆኖ 15,000 ከምታገኝ አዲስ ስቶር ኪፐር ሊበልጥ ይችላል። ይህንንም አስረዳን። «ጉዳዩ የክብር ነው» አሉን። ይቅርታ፣ ክብር የሚባል መስፈርት አልነበረንም።

ምዘናውን መጠርጠር የፈለገ የሥራ መዘርዝሩን ይፈትሽ። ምዘና መጣ ሲባል «ያስተባብራል»፣ «ይመራል» የሚሉት ግሶች እንደ እንጉዳይ ይፈላሉ። በሥሩ አንድ ሰው የሌለው ሁሉ መሪ ይሆናል። እንዲህ ያሉትን እየመለስን ነው የሠራነው። ኃላፊው ግን የገለጡት የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ነው።

አሁን ሰንጠረዡ በትምህርት ደረጃ ተሠርቶ ይምጣ ተብለናል። ስቶር ኪፐሯ መልቀቂያ ካስገባች የመጋዘኑን ቁልፍ ማን ፈርሞ እንደሚረከብ ግን አልተነገረንም። ባለማስተርሱን ጠየቅኩት። ሳቀብኝ።